በአንድ ሠንጠረዥና በአንድ ግራፍ ላይ የቀረቡ ጥያቄዎች፦ የድምፆች ብዛት የቋንቋን መነሻ ያመለክታልን?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ በኒው ዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ኩዌንቲን አትኪንሰን አንድ አጭር ጥናት አቅርበዋል። የጥናቱ ፍሬ ነገር በጥቂት ቃላት የሚነገር ነው። ጸሐፊው የ504 ቋንቋዎችን የፎኒም ብዛት መዝነው፣ ከአፍሪካ እየራቅን በሄድን መጠን ይህ ብዛት እየቀነሰ እንደሚሄድ በግራፍ ያሳያሉ። ከዚህም ተነሥተው የዛሬዎቹ የሰው ልጅ ቋንቋዎች መነሻ አፍሪካ ነው የሚለውን ሐሳብ ግኝታቸው እንደሚደግፍ ይደመድማሉ። ፎኒም ስንል «ጠራ»ን ከ«ተራ» እንደሚለዩት እንደ ጠ እና ተ ያሉ፣ የቃልን ፍቺ የሚለውጡ ድምፆችን ማለታችን ነው።

ጽሑፉ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም መለስ ብለን ልንመረምረው የወደድንበት ምክንያት አለን። መደምደሚያው ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ መደምደሚያ ደግሞ ሳይፈተሽ ወደ መማሪያ መጽሐፍና ወደ መዝገበ ቃላት መቅድም የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንለይ። የሰው ዘር መነሻ አፍሪካ መሆኑ በዚህ ግራፍ ላይ የተመሠረተ አይደለም። በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘውና በ2022 በወጣ ጥናት ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ነው የተባለለት ቅሪተ አካል፣ ከብዙ ሌሎች ማስረጃዎች ጋር፣ ለዚያ በቂ ምስክር ነው። የእኛ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ይህ ሠንጠረዥና ይህ ግራፍ ጸሐፊው ያሉትን ይላሉን?

ግራፉ ሲታይ ቀላል ነው። በአግድም መስመሩ ላይ ከአፍሪካ መነሻ ነጥብ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ይነበባል። በቋሚው መስመር ላይ የፎኒሞች ብዛት መለኪያ ይነበባል። እያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ነጥብ ሆኖ ተቀምጧል። በነጥቦቹ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄድ መስመር ተሠምሯል። አንባቢ ዐይኑን በመጀመሪያ የሚጥለው በመስመሩ ላይ ነው፤ እኛ ግን ከነጥቡ እንጀምራለን። ለመሆኑ አንዱ ነጥብ ምን ተቆጥሮ የተገኘ ነው?

ጸሐፊው የድምፆቹን ቁጥር ራሳቸው አልቆጠሩም። የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ከታተመው የዓለም ቋንቋዎች አወቃቀር አትላስ፣ ኢያን ማዲሰን ካዘጋጇቸው ምዕራፎች ነው። በእነዚህ ምዕራፎች ውስጥ ቋንቋዎቹ በክፍል ተመድበዋል። ተነባቢዎች በአምስት ክፍል ናቸው፦ ከ6 እስከ 14 ያለው ትንሽ፣ ከ15 እስከ 18 ያለው ከመካከለኛ ያነሰ፣ ከ19 እስከ 25 ያለው መካከለኛ፣ ከ26 እስከ 33 ያለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ 34 እና ከዚያ በላይ የሆነው ትልቅ ይባላል። አናባቢዎች በሦስት ተከፍለዋል፦ ከ2 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 6፣ ከ7 እስከ 14። የቃና ሥርዓትም እንዲሁ ቃና የሌለው፣ ቀላል ቃና ያለው፣ ውስብስብ ቃና ያለው ተብሎ በሦስት ተመድቧል። እንግዲህ በግራፉ ላይ የምናየው ቁመት የድምፆች ቁጥር ሳይሆን፣ የእነዚህ የሦስት ምደባዎች ውጤት ወደ አንድ ሚዛን መጥቶና አማካዩ ተወስዶ የተገኘ መለኪያ ነው።

ምደባ ለካርታ ሥራ ጥሩ ነው፤ አትላሱም የተዘጋጀው ለዚያ ነው። በምደባ ላይ ስሌት ሲሠራ ግን የማይታይ ኪሳራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጨረሻው ተናጋሪው የሞተው የካውካሱ ኡቢኽ ቋንቋ ሰማንያ ያህል ተነባቢዎች ነበሩት። በዚህ ምደባ 80 ተነባቢ ያለውና 34 ተነባቢ ያለው ቋንቋ አንድ ናቸው፤ 33 ያለውና 34 ያለው ግን ይለያያሉ። አናባቢም ላይ እንደዚሁ ነው። ሰባት አናባቢ ያለው አማርኛ አሥራ አራት አናባቢ ካለው ቋንቋ ጋር «ትልቅ» በሚባለው ክፍል ይገባል፤ ስድስት አናባቢ ያለው ጎረቤቱ ቢኖር ከታች ይቀራል። ከዚህም በላይ የአናባቢው ቆጠራ የሚመለከተው የአፍን ቅርጽ ብቻ በመሆኑ፣ በርዝመት ወይም በአፍንጫ አወጣጥ የሚለዩ አናባቢዎች በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም።

ነገሩን በገዛ ቋንቋችን ላይ እንፈትነው። የአማርኛ ተነባቢ ስንት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግን እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ መርማሪ ፐን፣ ጰንና ቨን በውስት ቃላት የመጡ ናቸው ብሎ ቢተዋቸው፣ የአን የጉሮሮ ድምፅም እንደ ራሱ የቻለ ፎኒም ባይቀበል፣ የሚያገኘው 24 ነው። በአትላሱ ምደባ አማርኛ «መካከለኛ» ይሆናል። ሁለተኛው መርማሪ ፖሊስ፣ ጳጳስና ቪዛ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የዕለት ቃላት ናቸው ብሎ አራቱንም ቢቀበል 28 ይሆናል። ከንፈር የሚከብባቸውን ቈ፣ ኰ፣ ጐ እና ኈን እንደ አንዳንድ ድምፅ ቢቆጥራቸው ደግሞ 32 ይደርሳል። ያን ጊዜ አማርኛ «ከመካከለኛ ከፍ ያለ» ነው። ሦስተኛው መርማሪ በዚሁ አካሄድ ቀጥሎ ሟ፣ ቧ፣ ፏ፣ ሏ የመሳሰሉትንም ይዘረዝራል። ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ እንኳ ቢቀበል 34 ይሞላና አማርኛ «ትልቅ» ይሆናል። ቋንቋው አልተለወጠም፤ ተናጋሪውም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በአምስት ደረጃ መሰላል ላይ ሁለት ደረጃ የወጣው መርማሪው ነው።

ከሦስቱ መርማሪዎች አንዱም ስሕተተኛ ነው አንልም፤ ለሁሉም የሚሟገት የሥነ ልሳን ባለሙያ ይገኛል። ግን 504 ነጥቦች ሁሉ እንዲህ ያለ ውሳኔ በውስጣቸው ተደብቆ ይገኛል። ውሳኔዎቹ በዓለም ላይ እንደ ዕጣ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ እርስ በርሳቸው ይጣፉ ነበር። ይሁንና ለአንድ አካባቢ ቋንቋዎች የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ፣ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር የለመዱ ናቸው። ስለዚህ የአቆጣጠሩ ልማድ ራሱ ከአካባቢ አካባቢ ሊለያይና በግራፉ ላይ የቋንቋ ባሕርይ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የቃናው ነገር ከዚህ የበለጠ ያሳስባል። ተነባቢ፣ አናባቢና ቃና በመለኪያው ውስጥ እኩል ድርሻ ተሰጥቷቸዋል። ቃና ሦስት ደረጃ ብቻ ስላለው፣ ቃና ከሌለው ወደ ቀላል ቃና መሻገር አንድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ብዙ ተነባቢዎችን ከመጨመር የሚተናነስ አይደለም። ከሰሐራ በስተደቡብ ያሉት ቋንቋዎች አብዛኞቹ ቃና አላቸው። የፖሊኔዢያና የአውስትራሊያ ቋንቋዎች በአብዛኛው የላቸውም። እንግዲህ የመስመሩ ቁልቁለት ምን ያህሉ የቃና፣ ምን ያህሉ የሌላው እንደሆነ ለማወቅ ሦስቱን ለየብቻ መሣል የአንባቢ የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ይገባዋል። አንድ ግራፍ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ደምሮ ሲያሳይ፣ የሚያሳየው የድምሩን መንገድ እንጂ የእያንዳንዱን አይደለም።

ቃናም ከመነሻ ጀምሮ እየተንጠባጠበ የሚያልቅ ሀብት አይደለም። ፈረንሳዊው ኦድሪኩር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዱት የቬትናም ቋንቋ ዛሬ ያሉትን ቃናዎች ያገኘው በራሱ ታሪክ ውስጥ፣ አንዳንድ ተነባቢዎች ሲጠፉና ልዩነታቸው ወደ አናባቢው ቃና ሲዛወር ነው። የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት የሞንና የክመር ቋንቋዎች ቃና አልነበራቸውም። በአንዱ ሣጥን የጎደለው በሌላው ሣጥን ገባ ማለት ነው። ጸሐፊው ሦስቱን መደመራቸው ምናልባት እንዲህ ያለውን ልውውጥ ለመያዝ ታስቦ ይሆናል፤ ግን ክብደታቸው በዘፈቀደ እኩል እስከሆነ ድረስ ሒሳቡ ሊጣፋ አይችልም።

አሁን ከነጥቡ ወደ መስመሩ እንለፍ። በርቀትና በፎኒም መለኪያው መካከል የተገኘው የተዛምዶ መጠን -0.545 ነው። የመቀነስ ምልክቱ አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነሱን ያሳያል። ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 0.297 ይሆናል፤ ይኸውም በቋንቋዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ሠላሳ በመቶ የሚያህለው ከርቀት ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሰባው በመቶ ግን አብሮ አይሄድም ማለት ነው። ሠላሳ በመቶ በሥነ ልሳን ትንሽ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ነው። ሆኖም መስመሩ በወፍራሙ ተሠምሮ ስናይ የነጥቦቹን መበታተን እንረሳለን። በተመሳሳይ ርቀት ላይ በጣም ከፍ ያሉና በጣም ዝቅ ያሉ ቋንቋዎች አብረው ይገኛሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን የመስመሩ ጥንካሬ ሳይሆን ነጥቦቹ ስንት ምስክሮች ናቸው የሚለው ነው። አምስት መቶ አራት ቋንቋዎች አምስት መቶ አራት ምስክሮች አይደሉም። አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ጉራግኛና ትግርኛ ቀጰጠጨን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆች ያሏቸው እያንዳንዳቸው ለብቻ ስላፈለቋቸው ሳይሆን፣ ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነው። አንድ ወሬ ከአንድ ቤት ሰምተው የመጡ አራት ሰዎች አራት ምስክር ተብለው በዳኛ ፊት አይቆጠሩም። ጸሐፊው ይህን አልዘነጉም፤ በቋንቋ ቤተሰብ ደረጃም ስሌቱን ደግመው አዝማሚያው እንዳለ መሆኑን ገልጸዋል። ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን የቤተሰብ ቁጥጥር የጎረቤትነትን ውርርስ አያስወግድም። ቃና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከአንድ የቋንቋ ቤተሰብ በላይ ተዛምቷል። በደቡብ አፍሪካም የባንቱ ወገን የሆኑት ኾሳና ዙሉ በምላስ የሚጫሩትን ጠቅታ ድምፆች የወረሱት ከኮይሳን ጎረቤቶቻቸው ነው። ድምፅ በጋብቻና በገበያ ይሻገራል።

ነገሩን የሚፈትን አንድ ቀላል መንገድ አለ። ግራፉን በየአህጉሩ ቆርጦ መመልከት ነው። አፍሪካ በአጠቃላይ ከፍ ብላ፣ ኦሺያኒያና ደቡብ አሜሪካ በአጠቃላይ ዝቅ ብለው የሚታዩ ከሆነ፣ በመካከላቸው የሚሠመር ማንኛውም መስመር ቁልቁል መውረዱ አይቀርም። የስደቱ ታሪክ እውነተኛ መንሥኤ ከሆነ ግን ቁልቁለቱ በእያንዳንዱ አህጉር ውስጥም፣ ከመግቢያው እስከ ዳርቻው ሊታይ ይገባል። ሀንሊ፣ ባወርንና ሂሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የዘር መረጃንና የፎኒም መረጃን ጎን ለጎን ፈትነው፣ ፎኒም ተከታታይ የስደት ምሳሌውን አይከተልም ብለዋል።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያው ደረስን፤ ትልቁ ዝላይም ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው የተጠቀሙበት ሐሳብ ከዘር ጥናት የተወሰደ ነው። ከአንድ ትልቅ ሕዝብ ጥቂት ሰዎች ተገንጥለው ሲሄዱ በደማቸው የሚይዙት የሕዝቡን የዘር ልዩነት ከፊሉን ብቻ ነው፤ ከእነሱም ጥቂቶች ሲገነጠሉ ደግሞ ያነሰውን ይይዛሉ። ስለዚህ ከመነሻው እየራቁ በሄዱ መጠን የዘር ልዩነት ይቀንሳል። ለዘር ይህ ይሠራል፤ ምክንያቱም የዘር ልዩነት በሰዎች መካከል ተከፋፍሎ የሚገኝ ነው። ፎኒም ግን በሰዎች መካከል አይከፋፈልም። ከአንድ የጎጃም መንደር አሥር ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ቆላ ቢወርድ፣ ግማሹ ቤተሰብ ጠን ግማሹ ቀን ይዞ አይሄድም። አንዲት እናት ብቻዋን ብትሄድ እንኳ ለልጇ የምታስተምረው የአማርኛን ድምፆች በሙሉ ነው። ስለዚህ የምሳሌው ዋና ምሰሶ ከዘር ወደ ቋንቋ ሲሻገር ይሰበራል።

ጸሐፊው ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚጠቀሙበት ሌላ ማስረጃ አለ። ሄይና ባወር እ.ኤ.አ. በ2007 የተናጋሪው ቁጥር ትልቅ የሆነ ቋንቋ ብዙ ፎኒም እንደሚኖረው የሚያመለክት ጥናት አቅርበው ነበር። ጥቂት ተናጋሪ ማለት ጥቂት ድምፅ ከሆነ፣ በየስደቱ የቀነሰ ሕዝብ ድምፅ ይጥላል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሞራን፣ ማክሎይና ራይት በ2012 እጅግ ሰፋ ባለ የቋንቋዎች ስብስብ ላይ፣ የቤተሰብን ዝምድና በሚገባ አስገብተው ሲመረምሩት፣ በሕዝብ ብዛትና በፎኒም ብዛት መካከል ይህን ያህል የሚታመን ግንኙነት አላገኙም። ድልድዩ ከሁለት ወገን ተሸረሸረ ማለት ነው።

በሠንጠረዡ ውስጥ ጨርሶ የማይታይ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጊዜ ነው። የሰው ልጅ ከአፍሪካ ወጥቶ በዓለም የተበተነበት ዘመን በአሥር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው። የአንድ ቋንቋ የድምፆች ብዛት የዚያን ዘመን አሻራ ይዞ ሊቆይ የሚችለው በጣም በዝግታ የሚለወጥ ከሆነ ነው። የእኛ ፊደል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን በዒዛና ጽሑፎች የምናያቸው ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ሳንነካ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ተቀላቅለዋል። አምስት የድምፅ ልዩነት ጠፋ። በሌላ በኩል ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ በግእዝ ያልነበሩ ድምፆች በመሆናቸው ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከዘ፣ ከደና ከጠ ላይ ምልክት እየተጨመረ አዲስ ፊደል ወጣላቸው። ስድስት ተወለዱ። ይህ ሁሉ የሆነው ከሁለት ሺህ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። አምስት ወጥቶ ስድስት ሲገባ ድምሩ የሚለወጠው በአንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብዛቱን ብቻ የሚያነብብ ሰው ምንም አልሆነም ይላል። ሠንጠረዡ የኪሱን ገንዘብ ቆጥሮ ስለ ገበያው ዝም ብሏል።

የመነሻውን ነጥብ አፈላለግም እንመልከት። ጸሐፊው በዓለም ላይ ብዙ ነጥቦችን መነሻ ቢሆኑ ብለው እየሞከሩ፣ ከመረጃው ጋር የተሻለ የሚስማማውን መርጠዋል። ከብዙ ነጥቦች መካከል «የተሻለ» ሁልጊዜ ይገኛል። ማንኛውም ባሕርይ በአፍሪካ በዝቶ በኦሺያኒያና በደቡብ አሜሪካ ካነሰ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይህ አፈላለግ አፍሪካን መምረጡ አይቀርም። ስለዚህ የነጥቡ አፍሪካ ላይ መውደቅ ከግራፉ የተለየ ሁለተኛ ማስረጃ ሳይሆን፣ ግራፉ በካርታ ላይ ሲደገም ነው። ሲሶ፣ ዴዲዩና ሞራን በዚሁ መጽሔት በ2012 የመረጃውን ምርጫም የአሠራሩንም ስልት ተቃውመው፣ የተሻለ ነው ባሉት መረጃ ሲሠሩ ነገሩ ከአንድ መነሻ የበለጠ የተወሳሰበ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ጸሐፊውም ለተቺዎቻቸው በመጽሔቱ ላይ መልስ ሰጥተዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ ቃላችን እናንሣ። ኮሪሌሽን የሚለውን «ተዛምዶ» ብለን መተርጎማችን እየተለመደ መጥቷል፤ እኛም ከዚህ በላይ ተጠቅመንበታል። ቃሉ ግን «ዘመድ»ን ይዟል። በሥነ ልሳን ጽሑፍ ውስጥ «የቋንቋዎች ዝምድና» ማለት ከአንድ አባት መወለድ ማለት ስለሆነ፣ «በርቀትና በድምፅ መካከል ተዛምዶ አለ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ አንዱ ሌላውን የወለደ መስሎ እንዲሰማው ቃሉ ራሱ ይገፋፋዋል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ብቻ ነው፤ ማን ማንን እንደሚመራ አይናገርም። ስለዚህ ቢያንስ በሥነ ልሳን ሥራዎች «ተጓዳኝነት» የሚለው የተሻለ ይመስለናል። ጎን ለጎን የሚጓዙ ሁለት መንገደኞች የግድ ወንድማማቾች አይደሉም። የቃሉን ነገር የሚቃወም ካለ አስተያየቱን ለመቀበል ዝግጁ ነን።

ጽሑፉን እንዲህ መርምረን ስናበቃ ከእጃችን የሚቀረው ይህ ነው። በአትላሱ ምደባ መሠረት የተሠራው መለኪያ በአፍሪካ ቋንቋዎች ከፍ ብሎ፣ በኦሺያኒያና በደቡብ አሜሪካ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህን ግራፉ ያሳያል፤ እኛም እንቀበላለን። ቋንቋ ከየት ተነሣ ለሚለው ግን በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የተመዘገበ አንድም ዓምድ የለም። በእኛ በኩል ወደፊት የአማርኛን ተነባቢዎች ቁጥር በሠንጠረዥ የሚያቀርብ ሁሉ ከቁጥሩ ሥር ፐን፣ ጰንና ቨን፣ የአን ድምፅ፣ እንዲሁም የቈን፣ የኰን፣ የጐንና የኈን ወገን ቆጥሮ እንደሆነ ወይም ትቶ እንደሆነ በአንድ መስመር እንዲጽፍ እንጠይቃለን።